«ከኤክስቼንጁ ይወርዳል» ያላችሁ ሰዎች

«ሎግ ማለት የገዛኸውና የሸጥከው ዝርዝር ነው። ቦቱ ያየውን ዳታ ማስቀመጥ ምን ያደርጋል? ሲያስፈልግ ከኤክስቼንጁ እንደገና ይወርዳል።»

ሌሊት ወፍ፦ ትናንት እዚሁ የተጻፈ ነው፤ ስንት ሰውም ወደደው። እኔ ደግሞ ያንን «ይወርዳል» የተባለውን ዳታ አውርጄ ሁለት ቀን አፍጥጬበታለሁ። ቦቴ የመጨረሻዎቹን አምስት የአንድ ሰዓት ካንድሎች መዝጊያ ዋጋ አማካይ ያወጣል። የመጨረሻው መዝጊያ ከአማካዩ ከበለጠ ይገዛል። አንድ ቀን ገዛ። ዳታውን አውርጄ ሳሰላው መግዛት አልነበረበትም። ሎጉ ላይ ያለው «ገዛሁ» እና ሰዓቱ ብቻ ነው። ከማን ጋር ልከራከር?

ቁጠባ፦ ኮድህ ላይ ስህተት አለ። ሎጉ ምን አደረገህ?

ሌሊት ወፍ፦ ስህተት እንዳለማ እኔም አውቃለሁ፤ የትኛው እንደሆነ ነው የጠፋኝ። ከዚያ ያየውን ሁሉ በየውሳኔው አንድ መስመር አድርጌ መጻፍ ጀመርኩ። ሳምንት ሳይሞላው ደገመው፦

```
{"id":"d-0412","rev":"a41f9c2",
 "ts_local":"2025-03-04T14:00:01.112Z",
 "ts_exch":"2025-03-04T13:59:58.207Z",
 "last_bar":"2025-03-04T13:00:00Z",
 "closes":["100.0","100.5","101.0","101.3","101.2"],
 "avg":"100.8","decision":"BUY"}
```

(እዚህ እንዲነበብ ሰባበርኩት እንጂ ፋይሉ ላይ አንድ መስመር ነው።) ሁለቱን ሰዓቶች እዩ። የኔ ማሽን 3 ሰከንድ ያህል ቀድሟል። እሱ 14:00 ሆኗል ብሎ ሲነሳ የ13:00 ካንድል ገና አልተዘጋም። ያየው 101.2 ከ100.8 ይበልጣል፣ ገዛ። ካንድሉ ሲዘጋ ግን 100.4 ሆነ፣ አማካዩም 100.64። የሚወርድልህ ይሄ የተዘጋው ነው። ቦቱ ያየው 101.2 እዚያ ውስጥ የለም።

ቁጠባ፦ የአንድ ደቂቃ ካንድል አውርድ፣ ታገኘዋለህ።

ብርጭቆ፦ የ13:59ኙም በዚያች ሰከንድ አልተዘጋም ወንድሜ። አሁንም «ይወርዳል» ላይ ነህ?

ቁጠባ፦ እሺ፣ በየደቂቃው የሚወስን ቦት ያለው ሰውስ? ዲስኩን ሊሞላ ነው?

ብርጭቆ፦ በቀን 1440 መስመር ነው። እያንዳንዱ 400 ባይት ቢሆን ግማሽ ሜጋባይት ትንሽ ያልፋል። የስልክህ ፎቶ ይበልጠዋል።

ደብተር፦ እኔ በእጄ ነው የምነግደው። ለምን እንደገባሁ ማስታወሻ ላይ እጽፋለሁ፣ ይበቃል። ቦት ምን አስፈለጋችሁ?

ብርጭቆ፦ ያልገባህበትንስ ትጽፋለህ? ብዙ ሰው የሚስተው እዚያ ነው። ቦቱ አይቶ «አልገዛም» ካለ መስመር ይኑረው። ከሌለ ዝም ያለው ስላልፈለገ ይሁን ስለሞተ በምን ታውቃለህ?

ደብተር፦ እኔ አልሞትኩም 😂

ማኅተም፦ ዋናውን ዘላችሁት። እያንዳንዱ መስመር የቀደመውን መስመር ሃሽ ይያዝ። ያኔ ማንም አይነካውም፣ ሎጉ እውነት ነው።

ብርጭቆ፦ ግማሹ ልክ ነው። መሃል ላይ አንድ ቁጥር የቀየረ ሰው ይያዛል። ግን ፋይሉን የሚጽፈው ራሱ ማሽኑ ከሆነ ሰንሰለቱን ከመጀመሪያው እንደገና መሥራት ይችላል። የመጨረሻውን ሃሽ በየቀኑ ሌላ ቦታ ካላስቀመጥክ ምን ዋጋ አለው? ደግሞም ሳይጻፍ የቀረን ነገር ሃሽ አያመጣልህም።

ሌሊት ወፍ፣ ያንተም ላይ አንድ ነገር ጎድሏል። መስመሩን የምትጽፈው ኦርደሩን ከመላክህ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ሌሊት ወፍ፦ መልሱ ከመጣ በኋላ ነው…

ብርጭቆ፦ በል አስተካክለው። ልከህ መልሱ ሳይመጣ ፕሮግራሙ ከወደቀ ኦርደሩ ኤክስቼንጁ ላይ ይቀመጣል፣ ምክንያቱ ግን የትም አልተጻፈም። መጀመሪያ ውሳኔውን ጻፍ፣ ዲስክ ላይ መውረዱን አረጋግጥ፣ ከዚያ ላክ። ያንን `d-0412` የኦርደሩ የደንበኛ መለያ አድርገህ ላከው። መልሱ ሲመጣ በዚያው መለያ አዲስ መስመር ጨምር፤ የድሮውን አትንካ። ስትነሳ መልስ የሌላቸውን መለያዎች ኤክስቼንጁን ትጠይቃለህ።

ቁጠባ፦ አየህ! በመጨረሻ ኤክስቼንጁን ጠየቅክ። ምን አልኩ?

ብርጭቆ፦ ኦርደሩ ደርሶ እንደሆነ እሱ ያውቃል። ለምን እንደላክከው ግን ያንተ ሎግ ካልነገረህ ማን ይነግርሃል?

ማኅተም፦ እኔ ለማንኛውም የምልከውን ጥያቄ እንዳለ ነው የምጽፈው፣ ከነራስጌው። ምንም አይጎድልም።

ሌሊት ወፍ፦ ከነኤፒአይ ቁልፉ?

ማኅተም፦ …መጣሁ።

ቁጠባ፦ 😂😂 እሱ እስኪመጣ፣ ያ 3 ሰከንድ የቀደመው ሰዓት ተስተካከለ ወይ?

ሌሊት ወፍ፦ ሰዓቱ ተስተካክሏል። ካንድሉ መዘጋቱን ግን አሁን በ`ts_exch` ነው የማየው፣ በራሴ ሰዓት አላምንም። ያጣሁት ብር ካለ አንተ አውርድልኝ።