58 ስላይድ ወደ አንድ ገጽ፦ ስጋቱን እንዴት ላስቀድም?

ሰላም፣ ግራ ገብቶኛል። ጅማ ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። ዳይሬክተራችን የቦርዱን 58 ስላይድ በአንድ ገጽ አሳጥረህ አምጣ፣ ስጋቱ ከላይ ይሁን ብለውኛል፣ ለነገ ጠዋት።

መጀመሪያ «የገበያ ስጋት፣ የገንዘብ ስጋት» ብዬ ጻፍኩ፤ ሳነበው ለራሴም ምንም አይልም። ዋናው ጉድ ስላይድ 41 ግርጌ ላይ በትንንሽ ፊደል ተደብቋል፦ 6 ኮንቴነር በቁርጥ ዋጋ ሸጠናል፣ በእጃችን ያለው ቡና ግን የ2ቱ ብቻ ነው። እዚህ ዋጋ ከጨመረ ልዩነቱ ከኪሳችን ነው። ስላይድ 12 ላይ ደግሞ የባንክ ብድሩ መክፈያ ቀን ከጭነቱ በ10 ቀን ብቻ ነው የሚዘገየው፣ ስለዚህ ቀሪው ቡና ቶሎ ካልተገዛ ጭነቱም ይዘገያል፣ ብድሩም ይደርሳል።

እንደ አንድ ስጋት ልጻፈው ወይስ ለሁለት ልክፈለው? ከሥሩስ «ይህ ይወሰን» ብዬ ብጨምር ድፍረት ይሆንብኛል?