የድሮ ደመወዝተኛ ቲን ይዤ የስፌት ቤት ንግድ ፈቃድ ላወጣ ነው፣ ከየት ልጀምር?

ስፌት ቤት፦ ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ነኝ። አንድ ክፍል ሱቅ ተከራይቼ ልብስ ስፌት ልጀምር ነው። በፊት ፋብሪካ ተቀጥሬ ስሠራ ቲን ወጥቶልኝ ነበር፣ ካርዱ ግን ጠፍቷል። አዲስ ላውጣ? ደግሞ አከራዬ ውልና ማስረጃ ለመሄድ እሺ አላሉኝም። በእጅ የተጻፈ ውል አይበቃም?

መርካቶ 7፦ የተቀጣሪ ቲን ለንግድ አይሆንም። አዲስ አውጪ፣ አሻራ ሰጥተሽ በአንድ ቀን ያልቃል። ውሉ ግን የግድ በውልና ማስረጃ የጸደቀ መሆን አለበት፣ እሱ ላይ አትድከሚ።

ሒሳብ ሠሪ፦ ውሉ ላይ ልክ ነህ ወንድሜ፣ ቲኑ ላይ ግን ተሳስተሃል። ለአንድ ሰው አንድ ቲን ነው፣ ተቀጣሪም ሆነ ነጋዴ። አሻራዋን ስትሰጥ የድሮው ይመጣባታል፣ ከዚያ ጣጣው ብዙ ነው። እህቴ፣ የድሮ የደመወዝ ወረቀትሽን ፈልጊ፣ አሥር አሃዝ ያለው ቁጥር እሱ ነው። ካጣሽውም ገቢዎች ሄደሽ በስምሽ ይፈልጉልሻል። እዚያው ወደ ንግድ እንዲቀየርልሽ ጠይቂ። ስምሽ መታወቂያሽ ላይና ቲኑ ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን እዚያው ቆመሽ እይ። አንዲት ደንበኛዬ በአባቷ ስም ላይ በአንድ ፊደል ልዩነት ብቻ ተመልሳለች። ከዚያ ንግድ ምዝገባና ፈቃዱን etrade.gov.et ላይ መጠየቅ ትችያለሽ። ሥራ ስትመርጪ የሚሰፋ ልብስና ተሰፍቶ የሚሸጥ ልብስ መደባቸው ይለያያል። ሁለቱንም ከሠራሽ ሁለቱንም አስገቢ።

የቦሌ ልጅ፦ እኔ ካፌ ስከፍት የጤና ብቃት ማረጋገጫ ጠይቀውኝ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል፣ አንቺም ቀድመሽ አውጪ።

ሒሳብ ሠሪ፦ ያ ለምግብ ነው፣ ለስፌት አያሳስባትም።

ስፌት ቤት፦ ተባረኩ! የደመወዝ ወረቀቱን አገኘሁት፣ ቁጥሩ አለ። አከራዬ ግን የኪራይ ግብር ይመጣብኛል ብለው ነው የሚፈሩት።

እማማ ሱቅ፦ የኔ ልጅ፣ እኔም አከራይ ነኝ፣ ፍርሃታቸው ይገባኛል። ግብሩ ግን ውል ቢኖርም ባይኖርም ያለባቸው ነው። በእርጋታ አስረጃቸው። እምቢ ካሉ ቀብድ ሳትከፍዪ ሌላ ቤት ፈልጊ። እኔ ዘንድ የነበረች ልጅ ስድስት ወር ከፍላ ፈቃድ ሳታወጣ ቀረች፣ ማሽኖቿን ጭና ስትሄድ ዓይኔ ነው ያየው። የቤት ቁጥሩም ካርታው ላይ እንዳለው ይጻፍ።

ሒሳብ ሠሪ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ፈቃድ ካወጣሽ በኋላ ሥራ ባይኖርም ግብር ማሳወቅ አለብሽ። ዝም ብለሽ ብትዘጊው ቅጣቱ ይቆለላል፣ ካቆምሽ ፈቃዱን መልሺ። እድሳቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያለ ቅጣት ነው።

መርካቶ 7፦ ስለ ቲኑ ይቅርታ እህቴ፣ እኔ የሰማሁትን ነው ያልኩሽ። ሱቁ ኮንቴይነር ከሆነስ ካርታ ከየት ይመጣል? የኔም ጥያቄ እሱ ነው።

ስፌት ቤት፦ የኔ ኮንቴይነር ሳይሆን ቤት ነው። ነገ ጠዋት መጀመሪያ አከራዬ ጋ እሄዳለሁ፣ ከዚያ ገቢዎች።