ብቻውን ወደ ግራ የሚሄድ አናሎግ

ሰላም፣ ከደብረ ብርሃን ነው። ዊንዶውስ ላይ በሚሰራ ያገለገለ የኤክስቦክስ ጆይስቲክ ነው የምጫወተው። A ቁልፉ አልቆ ስለነበር በSteam ወደ LB ቀየርኩት፤ እሱ ተፈቷል።

የቸገረኝ የግራ አናሎጉ ነው። እጄን ባነሳም ተጫዋቹ ቀስ እያለ ወደ ግራ ይሄዳል። `joy.cpl` ከፍቼ ካሊብሬት ሳደርገው እዛ መስኮት ላይ መስቀሏ መሃል ቆመች፤ ጨዋታው ውስጥ ግን ምንም ለውጥ የለም። ከዛ Steam ላይ ዴድ ዞኑን ትንሽ በትንሽ ጨመርኩት። 25 በመቶ ሲደርስ መንሸራተቱ ቆመ። አሁን ግን ወደ ቀኝም ወደ ላይም በቀስታ ስነካው አይሰማኝም። ኳስ ይዞ ቀስ ብሎ መዞር ቀረ። የተበላው የግራው በኩል ብቻ ነው፤ ዴድ ዞኑ ግን ክብ ስለሆነ ደህናውንም ጎን ይበላብኛል።

ዴድ ዞኑን ሳላሰፋ፣ መሃል ነጥቡን ራሱን ወደ ግራ አዛውሬ ጨዋታው እንዲቀበለው የማደርገው በምንድን ነው?