ጓደኛዬን ብሬን እንዴት ልጠይቃት?

እባካችሁ ምከሩኝ። ከልጅነት ጓደኛዬ ጋር እንደ እህት ነን። ከመስከረም ወዲህ ሦስት ጊዜ ተበድራኛለች፤ መጀመሪያ 2,000፣ ከዚያ 1,500፣ ባለፈው ወር ደግሞ 3,000 ብር። ሁሌም «ደሞዝ ሲገባ» ትለኛለች። በቴሌብር ስለላክሁላት መልእክቱ ስልኬ ላይ አለ። ግን እሱን አውጥቼ ባሳያት የከሰስኳት ይመስልብኛል።

እሁድ እቤታቸው ቡና እየጠጣን ልነግራት ነበር። እናቷ ቆሎ ይዘው ሲገቡ ዋጥ አደረግሁት። እሳቸው ፊት እንዴት ይወራል?

አሁን እቁቤን የምከፍለው ቸግሮኛል። «6,500ውን በአምስት ወር፣ በየወሩ 1,300 አድርገሽ ብትሰጪኝስ?» ልላት አስቤያለሁ። ይከብዳታል? ለብቻችን በአካል ይሻላል ወይስ በስልክ? ደግሞ እንደገና ብድር ብትጠይቀኝ ምን ልበላት? «የለኝም» ብዬ መዋሸት አልፈልግም፤ እሷንም ማጣት አልፈልግም።