ፖዚሽን ሳይዜ በአንድ ሌሊት አምስት እጥፍ ሆነ፣ ድረሱልኝ!

ሰብለ ከፖሊ
ሰላም ለሁላችሁ። ወርቅ ላይ ቮላቲሊቲ ታርጌቲንግ የሚሰራ ትንሽ ኮድ አለኝ። ታርጌቴ በዓመት 10 በመቶ ነው። እስከ ትናንት 0.65 አካባቢ ይሰጠኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ስከፍተው 3.15 ይላል! ገበያው ያን ያህል አልተረጋጋም፣ ኮዱንም አልነካሁትም። ሰኞ ለአማካሪዬ ማሳየት አለብኝ። መብራቱም መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። እባካችሁ ቶሎ በሉልኝ።

```python
r = df["close"].pct_change()
vol = r.rolling(30).std() * np.sqrt(252)
w = 0.10 / vol
```

ያሬድ ቀበሌ 14
ቀላል ነው። ጣሪያ አብጂለት፦ `w.clip(upper=2)`። አለቀ።

የዓባይ ማዶው
ወንድሜ፣ እኔ ከነሐሳቡ አልስማማም። ገበያው ጸጥ ሲል ጨምር፣ ሲናወጥ ቀንስ ነው የምትለው አይደል? ጣና ጠዋት ጠዋት ዝም ይላል። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ታንኳ ይገለብጣል። ጠዋት ጸጥ አለልኝ ብሎ እጥፍ እንጨት የሚጭን የዘጌ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ደግሞ ይሄ ፎሬክስ የሚባል ነገር ስንቱን ወጣት ጉድ አደረገ። ሥራ ፈልግ፣ ገና ልጅ ነህ።

ሰብለ ከፖሊ
ጋሼ፣ እህት ነኝ። ገንዘብም የለበትም፣ ዲሞ ነው። የ10,000 ዶላር ዲሞ አካውንት፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ።

ቆጣሪው
ሰብለ፣ `df`ን የምትሞይበትን መስመር ለጥፊልን። የለጠፍሽው ኮድ በራሱ ደህና ነው። ግን 3.15ን ለ0.65 አካፍይው፣ 4.8 ገደማ ይመጣል። የ23 ስኩዌር ሩትም 4.8 ነው። ወርቅ በቀን 23 ሰዓት ያህል ይገበያያል። የሰዓት ካንድል ገብቶብሽ እንዳይሆን።

ያሬድ ቀበሌ 14
clip አድርጊበት አልኩ እኮ። 2 በቂ ነው።

ሰብለ ከፖሊ
```python
mt5.copy_rates_from_pos("XAUUSD", mt5.TIMEFRAME_H1, 0, 500)
```
ውይ፣ አዎ። ማታ ከD1 ወደ H1 ቀይሬዋለሁ፣ ቻርቱ እንዲያምር ብዬ። አልነካሁም ያልኩት ስሌቱን ነው። ይሄ ምን አገናኘው?

ሳቶሺ ባህር ዳር
ችግርሽ 252ቱ ነው። 365 አድርጊው። እኔ ቢትኮይን ላይ በ365 ነው የምሰራው፣ አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም።

ቆጣሪው
ሳቶሺ፣ ላንተ ልክ ነው። ቢትኮይን ቅዳሜና እሁድም ይገበያያል። ለእሷ ግን 365 ብታደርገው 3.15ቱ ወደ 2.6 ይወርዳል እንጂ ወደ 0.65 አይመለስም። ስህተቱ ሌላ ቦታ ነው።

ሰብለ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። 252 በዓመት ያሉት የግብይት ቀኖች ናቸው። ስኩዌር ሩቱ 15.9 ገደማ ነው። የቀን ሪተርንን ስታንዳርድ ዲቪዬሽን በዚያ ስታባዢ የዓመቱን ታገኛለሽ። አሁን ግን `r` ውስጥ ያለው የአንድ ሰዓት ሪተርን ነው። ከቁጥርሽ ተነስቼ ሳሰላው በሰዓት 0.2 በመቶ አካባቢ ነው። 0.2 በ15.9 ሲባዛ 3.2 በመቶ ይሆናል። ኮዱ ወርቅ በዓመት 3.2 በመቶ ብቻ የሚወዛወዝ መስሎታል። ስለዚህ 10ን ለ3.2 አካፍሎ ከሦስት እጥፍ በላይ ግዢ አለሽ።

ትክክለኛው፦ 0.2 በ23 ስኩዌር ሩት ሲባዛ በቀን 0.96 በመቶ፣ በዓመት 15.2 በመቶ ነው። 10 ለ15.2፣ 0.66። ያው የትናንቱ ቁጥርሽ።

በገንዘብ እንየው። በ0.66 ወርቅ ላይ ያለሽ 6,600 ዶላር ነው። ወርቅ 1 በመቶ ቢወርድ 66 ዶላር ይጎድልሻል። በ3.15 ደግሞ 31,500 ዶላር ይዘሻል፣ ያው 1 በመቶ 315 ዶላር ይወስዳል።

ሰብለ ከፖሊ
እሺ ገባኝ። በቃ `np.sqrt(252*23)` ላድርገው?

ቆጣሪው
ቁጥሩ ይስተካከላል፣ መስኮቱ ግን አይስተካከልም። `rolling(30)` አሁን 30 ቀን ሳይሆን 30 ሰዓት ነው። እስያ ስትገበያይ ጸጥ ይላል፣ ኒው ዮርክ ሲከፈት ይነሳል፣ ፖዚሽንሽም አብሮ ሲዘል ይውላል። 30 ቀን ለማግኘት 690 ካንድል ያስፈልግሻል፣ ያመጣሽው ደግሞ 500 ነው። H1ን ለቻርቱ ተዪው። ለስሌቱ D1ን ለብቻው አምጪ፦

```python
r = d1["close"].pct_change()
vol = r.ewm(span=30).std() * np.sqrt(252)
w = (0.10 / vol).clip(upper=2).shift(1)
```

`shift(1)`ን እንዳትረሺ። የዛሬውን መዝጊያ ዋጋ አይተሽ የወሰንሽው ለነገ ነው የሚሆነው። እሱ ከሌለ ባክቴስትሽ የነገውን አይቶ የነገደ ይሆናል። አማካሪሽ መጀመሪያ የሚጠይቁሽም ይሄንኑ ነው። አንድ ነገር ደግሞ፣ አንዳንድ ብሮከር እሁድ የሁለት ሰዓት ትንሽ ካንድል አለው። ካለ አውጪው፣ ቮላቲሊቲውን ዝቅ ያደርገዋል።

ያሬድ ቀበሌ 14
ክሊፑን አንተም አስገባኸው። እኔ ከጠዋቱ አልተናገርኩም?

ቆጣሪው
ተናግረሃል። ግን ያንተን ብቻ ብታስገባ 2 በ15.2፣ 30 በመቶ ሪስክ ይዛ 10 ነው የያዝኩት ትል ነበር። ጣሪያው ጥፋቱን ይሸፍንባት ነበር። ማረጋገጫው ሌላ ነው። `w * r`ን ወስደሽ የጥቂት ወራት ስታንዳርድ ዲቪዬሽን በዓመት አስይው። ከ8 እስከ 12 ከመጣ ደህና ነው። 40 ወይም 50 ካየሽ ገበያውን አትውቀሺ፣ መለኪያሽን እይ።

የዓባይ ማዶው
የእኔን ጥያቄ ግን ማንም አልመለሰም።

ፔዳ ኢኮኖሚክስ
ጋሼ፣ ጣና በየቀኑ ይቀያየራል፣ ገበያ ግን ጸባዩን ቶሎ አይለቅም። የተረጋጋ ሳምንት ተከትሎ ባብዛኛው የተረጋጋ ሳምንት ይመጣል፣ የተናወጠም እንደዚያው። ሮበርት ኤንግል በ1982 ሞዴሉን ያወጣው፣ በ2003 ኖቤል የተሸለመውም በዚሁ ነው። ሆኖም ግማሽ እውነት አለዎት። ዋጋው በመንግሥት እጅ ሲያዝ መረጋጋቱ የውሸት ነው። የእኛን ብር ይውሰዱ። በባንክ ምንዛሪ ከቀን ቀን የሚለወጠው ኢምንት ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በአንድ ጠዋት ዶላር ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ገባ። የሰብለን ቀመር እዚያ ላይ ቢጭኑት ከዋዜማው ትልቁን ፖዚሽን ያሲዝ ነበር። በስዊስ ፍራንክም ጥር 2015 (እ.ኤ.አ.) የሆነው ይሄው ነው።

ቆጣሪው
ልክ። ለዚህ ነው ጣሪያው የሚያስፈልገው። እኔ ከታችም ገደብ አደርጋለሁ፣ ወርቅ ላይ `vol` ከ8 በመቶ በታች አይወርድም። 8 የእኔ ምርጫ ነው፣ ሕግ አይደለም።

ፔዳ ኢኮኖሚክስ
8 ይበዛል ባይ ነኝ። ታርጌቱ 10 ሆኖ ከ1.25 በላይ መያዝ አትችልም ማለት ነው፣ የ2ቱ ጣሪያ ሥራ ፈታ። ታሪካዊውን አማካይ ግማሽ ብታደርገው አይሻልም?

ሳቶሺ ባህር ዳር
እኔ ደግሞ ቢትኮይንና ኢቴሪየም አለኝ። ለእያንዳንዳቸው 10 ብሰጥ ድምሩ 20 ነው?

ቆጣሪው
20 የሚሆነው ሁለቱ ፍጹም አንድ ላይ ከሄዱ ብቻ ነው። ምንም ካልተገናኙ 14 ነው። ያንተዎቹ አብረው ነው የሚሄዱት፣ ወደ 20 የተጠጋ ነው። ለእያንዳንዱ ሳይሆን ለድምሩ ለካ።

ያሬድ ቀበሌ 14
ሰብለ፣ ሰራልሽ ወይስ መብራት ሄደ?