«ቡናውን ቆላ ወቀጠች» አለችኝ፦ ለልጄ የጻፍኳት ታሪክ

የማርቆሷ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ክረምቱን ደብረ ማርቆስ እናቴ ቤት ነን። ልጄ 11 ዓመቷ ነው፣ ካልጋሪ ነው የተወለደችው። ታወራለች፣ ፊደልም ታነባለች። የልጆች መጽሐፍ ስሰጣት ግን ሦስተኛው መስመር ላይ ትዘጋዋለች። ስለዚህ ራሴ ጻፍኩላት። የመጀመሪያው ሙከራ አልሆነም። ረከቦት፣ ቄጤማ፣ ዕጣን፣ ማራገቢያ... የቤቱን ዕቃ ሁሉ ሰበሰብኩበት። አሁን ያስቀረሁት አዲስ ቃል ሦስት ብቻ ነው፦ ሙቀጫ፣ ጀበና፣ ስኒ። የአንዱ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ የሚቀጥለው መጀመሪያ ይሆናል። እነሆ፦

«አልማዝ ቡና አጠበች። አጥባ ቆላች። ቆልታ በሙቀጫ ወቀጠች። ወቅጣ ጀበናውን ጣደች። ጥዳ ጠበቀች። ጠብቃ በስኒ ቀዳች። ቀድታ ለአያቷ ሰጠች።
አያቷ ስኒውን ተቀበሉ። ተቀብለው ቀመሱ። ቀምሰው ሳቁ። ‹አልማዝ፣ ሙቀጫው የት ነው?› አሉ። አልማዝ ሙቀጫውን አየች። አይታ ደነገጠች። ቡናው ሙቀጫው ውስጥ ነው! ጀበናው ውስጥ ውሃ ብቻ ነው።»

ሳቀች፣ ወደደችው። ግን መጽሐፉን ዘግተሽ ንገሪኝ ስላት «ቡናውን ቆላ ወቀጠች» አለችኝ። «አጥባ» ካለች «ቆላ» ማለቷ ነው እንግዲህ። ያቺ «ት» መቼ ነው የምትገባው? እኔ በጆሮዬ እንጂ በሕግ አላውቀውም። ሌላው ደግሞ «ተቀብለው» ላይ ቆማ «አልማዝ ስንት አያት ነው ያላት?» አለችኝ።

የቡሬው ልጅ፦
ቀላል ነው። ግሡ ሁለት ፊደል ከሆነ «ት» ይገባል። በላ፣ በልታ። ጠጣ፣ ጠጥታ። ቀዳ፣ ቀድታ። ሦስት ከሆነ ብዙ ጊዜ አይገባም። አለቀ።

ጡረተኛው መምህር (ፍኖተ ሰላም)፦
ወንድሜ፣ ግማሹን አግኝተሃል። «ሄደ»ስ? ሄዳ እንጂ «ሄድታ» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። «ጣደ»ም ሁለት ፊደል ነው፣ ታሪኩ ላይ ግን «ጥዳ» ይላል። እነ በላና ሰማ ድሮ ሦስት ፊደል ነበሩ። ግእዙ በልዐ፣ ሰምዐ ይላል። የመጨረሻዋ ፊደል ወደቀች፣ ቦታዋን «ት» ያዘላት። «ሳመ» ደግሞ በግእዝ ሰዐመ ነው። የወደቀችው ከመሃል ስለሆነ መጨረሻው አልተነካም፣ ስለዚህ «ስማ» እንላለን።

እህቴ፣ ይህን ለልጅሽ አትንገሪያት። አንድ ታሪክ፣ አንድ ቅርጽ ይሁን። መጀመሪያ «ት» ያላቸውን ብቻ ሰብስቢ፦ «መጣች። መጥታ በላች። በልታ ጠጣች።» እሱ አፏ ላይ ሲገባ፣ በሌላ ታሪክ እነ አጥባን አምጪ። ሁለቱን ካደባለቅሽ መሳሳቷ አይቀርም፤ ጥፋቱ የታሪኩ እንጂ የእሷ አይደለም። «ተቀብለው» ደግሞ ሦስተኛ ታሪክ ይፈልጋል።

የቡሬው ልጅ፦
እሺ መምህር፣ ተረታሁ። ግን «ቆየ» ቆይታ፣ «ቆመ» ቆማ። ለዐይን ምን ይለያቸዋል?

ጡረተኛው መምህር፦
ለዐይንማ ምንም። እነሱ በቃል ነው የሚያዙት።

ከሚኒሶታ፦
እኔም ልጄን ወደ ቢቸና ልልከው ነው። እዚያ የክረምት አማርኛ ትምህርት አለ ወይ? በስልክ እናቴን «በላሽ?» ይላታል። እሷም ትስቃለች፣ ደስ ይላታል። አንቺም «ተቀብላ» በያት በቃ። አንድ ጭንቅ ይቀንስላታል።

የማርቆሷ እናት፦
ስለ ቢቸና ትምህርት ሳይሆን ስለ ታሪክ ነበር የጠየቅኩት፣ ግን የሚያውቅ ካለ ይንገርህ። «ተቀብላ»ን ጎጃም ተቀምጬ አልጽፈውም። በስልክ ያስቃል፤ እዚህ ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ሲመጣ «ይህቺን ማን አሳደጋት?» ይባላል።

መምህር፣ አያትየዋን ማውጣቱ ላይ ግን አልስማማም። እሳቸው ከሌሉ ቡናውን ማን ይቀምሰዋል? ያሰብኩት ሌላ ነገር ነው፦ እሳቸው መጀመሪያ በመጡበት መስመር «አንድ አያት ነበሯት» ብዬ እጨምራለሁ። ያኔ «ተቀብለው» ብዙ ሰው አይሆንባትም።

ጡረተኛው መምህር፦
ያስኬዳል። ግን «ነበሯት» ራሱ አዲስ ቅርጽ ነው። የምታውቀው መሆኑን አስቀድመሽ ሞክሪያት።

የማርቆሷ እናት፦
አላወቀችውም። «አንዲት አያት አላት» አደረግኩት፣ ያ ገባት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ የ«ት»ዋን ታሪክ ብቻ ሰጥቻት ራሷ ቀጠለችበት። ደብተሯ ላይ ያለው ይኸው፦ «አያቴ መጡ። መጥተው በሉ። በልተው ጠጡ። ጠጥተው ተኙ።»

ለእናቴ ጮክ ብላ አነበበችላት። እናቴም «አንድ ነኝ፣ ደግሞም አልተኛሁም» አለቻት።