ግጥም በስላይድ ሲከፈል ይፈርሳል?

ጠያቂዋ፦ ለኢንስታግራም አምስት ስላይድ ያለው፣ እየተንሸራተተ የሚነበብ የግጥም ካሩሰል ሠራሁ። እያንዳንዷ ስላይድ ለብቻዋ እንድትቆም፣ አምስቱ ተከታትለው ሲነበቡ ደግሞ አንድ ነገር እንዲገነቡ ፈልጌ ነው። ጓደኞቼ «ይሄ የተቆራረጠ ጥቅስ እንጂ ግጥም አይደለም» አሉኝ። እናንተስ?

1
በሩን አልዘጋሁም፣ ብርዱ ቢበረታ፤
የወጣ ሰው አለ፣ ያልገባ እስከ ማታ።

2
እራቱ ቀዘቀዘ፣ ሁለት ጊዜ ሞቀ፤
ሳህኑ ሳይነካ፣ ረሃቤ አለቀ።

3
ውሻው መጮህ ተወ።

4
ጫማህ ከደጃፍ ነው፣ ፊቱን ቤት አዙሮ፤
ያወለቅከው አምና፣ አቧራው ዘንድሮ።

5
በሩን አልዘጋሁም።

ረጅም ግጥም ወዳዱ፦ እኔ ከጓደኞችሽ ጋር ነኝ፣ ልጄ። ግጥም ውስጥ ሌላውን የሚሸከም ስንኝ አለ። ለብቻው ሲያዩት ምንም አይደለም። እሱ ከሌለ ግን ቀጣዩ አይነሳም። ሁሉም ለብቻው ይቁም ካልሽ ተሸካሚውን ታባርሪዋለሽ። የሚቀርሽ የጥቅስ ሰልፍ ነው።

ዲዛይን የሚሠራው፦ ዋናው የመጀመሪያዋ ስላይድ ናት። ሰው እዚያ ካልቆመ ሌላውን አያይም። ምርጧ የጫማዋ ነች፤ አንደኛ አድርጊያት።

አርታኢዋ፦ ግማሹ ልክ ነው። አንደኛዋ ማስቆም አለባት። ጫማዋ ከቀደመች ግን ግጥሙ እዚያው አለቀ። አንደኛዋን ስናነብ «ማታ» የዛሬ ማታ ይመስለናል። እራቱም የዛሬ ነው። አራተኛዋ ላይ «አምና» ሲባል ነው ዓመት ማለፉን የምናውቀው። ያኔ እራቱ ማታ ማታ ሲሞቅ እንደከረመ ይገባናል። ሰውየውንም ልብ በል። መጀመሪያ «የወጣ ሰው» ተብሎ ይወራለታል። «ጫማህ» ስትል ግን ራሱን እያናገረችው ነው። ይህንን የሚሠራው ቅደም ተከተሉ ነው።

እኔ የምፈትነው ቦታ በማቀያየር ነው። ሁለት ስላይድ አቀያይሬ ምንም ካልጎደለ፣ ጋሼ እንዳሉት የጥቅስ ሰልፍ ነው። እዚህ 2ን እና 4ን ብትቀያይር እራቱ ይሞታል።

ሌላም አለ። ኢንስታግራም አንደኛዋን አይቶ ላለፈ ሰው አንዳንዴ በኋላ ሁለተኛዋን ያሳየዋል። ስለዚህ ሁለተኛዋም መግቢያ ናት። እራቷ ትበቃለች፤ ማን እንደቀረ ባናውቅም መጠበቁ ይሰማናል።

የመድረክ አንባቢው፦ እኔ ሦስተኛዋ ጋ ሦስት ትንፋሽ ያህል ዝም እላለሁ። አንቺ ስታነቢው እንዳትቸኩዪ።

ጠያቂዋ፦ ድምፅ የለውም እኮ፣ ጽሑፍ ብቻ ነው።

የመድረክ አንባቢው፦ ታዲያ ዝምታውን በምን ታመጪዋለሽ?

ጠያቂዋ፦ ለዚህ ነው አንዲት መስመር ብቻ ባዶው ገጽ መሃል ላይ ያስቀመጥኩት። ከእሷ በፊትም በኋላም ሁለት ሁለት ስንኝ አለ። ዓይን እዚያ ሲደርስ ይዘገያል ብዬ ነው።

አንዲት ገጣሚ፦ እኔን የጎዳኝ ሌላ ነው። ስለ መለያየት ሰባት ስላይድ ጽፌ ነበር። አንድ ሰው ሦስተኛዋን ብቻ ስክሪንሾት አድርጎ ለሠርግ መልካም ምኞት ለጠፋት። እስካሁን ይከነክነኛል። ለብቻዋ መቆሟ ነው ያስወሰዳት። አንዳንዷ ስላይድ ብትንገዳገድ ይሻል ነበር።

ጠያቂዋ፦ እኔ በመጀመሪያው ረቂቅ ጫማዋን ከፍያት ነበር። «አዙሮ» አራተኛዋ ላይ፣ «ዘንድሮ» አምስተኛዋ ላይ። ሰው ጓጉቶ እንዲያንሸራትት።

አርታኢዋ፦ እንኳን መለስሻት። «አዙሮ» ጆሮ ላይ ጥያቄ ይተዋል፣ «ዘንድሮ» ይመልሰዋል። ሁለቱ ዓይን ፊት አብረው ካልሆኑ ጣት ሲያንሸራትት ድምፁ ይደበዝዛል። «ፊቱን ቤት አዙሮ» ብቻውን ለሰው ቢላክም ጎዶሎ ነው። ስንኙ እዚያው ስላይዷ ውስጥ ቤት ይምታ። ታሪኩ ግን ክፍት ይቆይ። ጉጉቱ ከታሪኩ ይምጣ።

ረጅም ግጥም ወዳዱ፦ ይሄን እቀበላለሁ። ሦስተኛዋስ? «ውሻው መጮህ ተወ» ተብሎ ብቻውን ቢላክልኝ ምን እላለሁ?

አርታኢዋ፦ ብዙም አይሉም። ተሸካሚዋ እሷ ናት። ውሻው ሰው መጥቶ ነው ዝም ያለው ወይስ ተስፋ ቆርጦ? ያንን ይዘን ነው አራተኛዋ ላይ የምንደርሰው።

ጠያቂዋ፦ እንግዲያው ሁሉም ለብቻው ይቁም ያልኩት ፈረሰ?

ረጅም ግጥም ወዳዱ፦ በእኔ በኩል ፈርሷል፤ ግጥምሽ ግን አተረፈ። አምስተኛዋን ግን አውጫት። «ዘንድሮ» ላይ ሁሉም ተብሏል።

አርታኢዋ፦ እኔ አላወጣትም። አንደኛዋ ላይ በሩ የተከፈተው ለሚመጣ ሰው ነበር። አሁን ያው ቃል ሲደገም መዝጋት ያቃታት ሴት ትታየናለች።

ዲዛይን የሚሠራው፦ ከታች ያሉት ነጠብጣቦች መጨረሻው መድረሱን ይናገራሉ። አንባቢ አምስተኛዋን ማብቂያ መሆኗን አውቆ ነው የሚከፍታት። ስለዚህ ለመዝጊያ አጭር ብትሆን አትጎዳም።

ጠያቂዋ፦ አሁን አውጥቼ አነበብኩት። አቧራው ላይ ቀረሁ። መልሼ አስገባኋት፣ በሩ ጋ ተመለስኩ። ሁለቱም ስልኬ ውስጥ አሉ። ነገ ጠዋት አንዱን እለጥፋለሁ።